አባቴ ያልነገሩኝ ድርቀት

አባቴ አምቦ የመጡት የዓይናቸውን ሞራ ሊያስነሱ ነው። ከሸነን ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ወደ ሰባ ዓመት ሲኖሩ ለሕክምና ብለው ከወረዳው አልፈው አያውቁም ነበር። የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ወደ አምቦ እንደሚመጡ ስሰማ ሄጄ አስመዘገብኳቸው፤ መጀመሪያ አንዱ ዓይን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሌላኛው ይሠራል ተባልኩ። ለወንድሜ ደውዬ ስነግረው፣ «እሺ የሚሉ አይመስለኝም» አለኝ። እሺ ያሉት እኔ ስለለመንኳቸው ነው። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። በኋላ የሆነውን ሁሉ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ልመናዬ ነው።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ወንድሜ አውቶቡስ ላይ አሳፈራቸው። መንገዱ ዝናብ ያበላሸው ስለነበር አምቦ መናኸሪያ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ሲወርዱ የበሩን ብረት ይዘው ቆሙ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

«አባ፣ መንገድ ላይ ምን ቀመሱ?»

«ምንም አልፈለግኩም።»

«ውሃስ?»

«ረኮን ህን ጅሩ» አሉኝ። በእኛ ቤት የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው፤ ችግር የለም ማለታቸው ነበር። አባቴ ይህን ቃል የሚናገሩት ችግር ሲኖርም ሳይኖርም ነው።

ከዋዜማው ማታ ጀምሮ አንዲት ጉንጭ ውሃ አለመጠጣታቸውን ወንድሜ በኋላ ነገረኝ። አውቶቡሱ መሐል መንገድ ቢቆም ዓይናቸው ስለማያይ ብቻቸውን ወርደው ጥግ መያዝ አይችሉም። ረዳቱን «አውርደኝ፣ ያዘኝ» ማለትን ደግሞ አልፈለጉም። ስለዚህ ሽንት እንዳይመጣባቸው ሳይጠጡ ተጓዙ።

እኔ ያኔ አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ግቢው ውስጥ አምስት ክፍሎች አሉ። ከፊት ለፊት ያለችውን ሱቅ የያዙት አከራዬ ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ከእኔ ጎን ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች፣ ከነሱ ቀጥሎ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ይኖራሉ። ለሁላችን ያለችው ሽንት ቤት አንድ ናት፤ ከግቢው ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተከለለች፣ በሯ ከውስጥ የማይቆለፍ። ሰው መኖሩ የሚታወቀው በሳል ነው። የመጣ ሰው ውጭ ሆኖ ያስላል፣ ውስጥ ያለው መልሶ ያስላል፣ የመጣው ይመለሳል።

አልጋዬን ለአባቴ ለቅቄ እኔ መሬት ላይ ፍራሽ ዘረጋሁ። በማግስቱ ማለዳ ሽንት ቤቱን ላሳያቸው እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ሦስት ሰዎች ፎጣቸውንና የውሃ ዕቃቸውን ይዘው ቆመዋል። አባቴ ድምፃቸውን ሰሙና ክንዴን ያዝ አደረጉ።

«እንመለስ።»

«አሁን ይወጣሉ አባ፣ ትንሽ ብንጠብቅ…»

«አልመጣብኝም። እንመለስ።»

አባቴ በአገራቸው ከእንቅልፋቸው የሚነሱት ከወፍ ጋር ነው። ትኩስ ነገር ይቀምሳሉ፤ ዱላቸውን ይዘው በእንሰቱ መሐል ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንኳ ያንን መንገድ እግራቸው ያውቀው ነበር። ከዚያ ሲመለሱ ፊታቸው የታጠበ፣ ሰውነታቸው የቀለለ ሆኖ ነው። ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር ስለሆነ ቤታችን ውስጥ ማንም ስሙን ጠርቶት አያውቅም። እኔም በልጅነቴ ወንዝ የሚወርዱት ፊታቸውን ሊታጠቡ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ሐሙስ ማለዳ ፋሻው ሲነሳ አባቴ ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው መስኮቱን ለረጅም ጊዜ አዩ። «ብርሃን ነው» አሉ። የዓይን ክፍሉ ነርስ ለኔ ትዕዛዝ ሰጠችኝ፤ ጠብታው በቀን አራት ጊዜ፣ ውሃ ዓይን ውስጥ አይግባ፣ አያጎንብሱ፣ ከባድ ነገር አያንሱ፣ አያምጡ። ከሳምንት በኋላ ረቡዕ ለምርመራ ይመለሱ። ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። «አያምጡ» የሚለውን ስጽፍ ምን ማለት እንደሆነ አላሰብኩም። ድንጋይ ማንሳት ዓይነት ነገር መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን እንደ እንቁላል ያዝኳቸው። አቧራ እንዳይነካቸው ከቤት አላስወጣቸውም። ሊነሱ ሲሉ «ይቀመጡ፣ እኔ አመጣለሁ» እላለሁ። የታመመ ሰው ለስላሳ ምግብ ያስፈልገዋል ብዬ ማካሮኒና ሩዝ እሠራለሁ፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ነጭ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ አስቀምጬላቸው እወጣለሁ። በአገራቸው የገብስ ቂጣ፣ ቆጮ በጎመን፣ ባቄላ የሚበሉ ሰው ናቸው። የከተማ ምግብ እያበላኋቸው መሆኑ ደስ ይለኝ ነበር።

ውሃው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ጄሪካን ሞልተን እናስቀምጣለን። አባቴ አንድ ጊዜ ቀምሰው «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» አሉ። የአምቦ ውሃ በጠርሙስ ገዛሁላቸው፤ አረፋው አፍንጫቸውን ወጋቸውና እንደ ሕፃን ፊታቸውን አጨማደዱ። አፍልቼ ባቀዘቅዘውም ከብርጭቆው ግማሹን ይተዉታል። ጠዋት ጠዋት ባዶ ጄሪካን ይዤ ስወጣና ጎንበስ ብዬ ተሸክሜ ስገባ በተሠራው ዓይናቸው ያዩኝ ነበር። ያዩት ነገር እንዴት እንደገባቸው አላወቅኩም ነበር።

እሑድ ግማሽ ሳህን ትተው ተነሡ። ሰኞ ቁርሱን አልነኩትም።

«አባ፣ አልጣፈጠዎትም?»

«ጠግቤያለሁ።»

«ምኑን በልተው?»

«ሰው ሥራ ካልሠራ ምን ያስርበዋል?»

እውነት መሰለኝ። ልብሴን ለብሼ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ እትዬ ከሱቃቸው ብቅ ብለው በእጃቸው ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባትሽ ሆዳቸው ሳይደርቅ አልቀረም» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ዛሬ ሦስት ጊዜ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ጓሮ ሄዱ። ሁለቱን ጊዜ ሰው ሲያስል ሰምተው ተመለሱ። በሦስተኛው ገብተው ብዙ ቆዩ፤ ሲወጡ ላብ አጥምቋቸዋል። ሆዳቸውን እንዲህ ይዘውት ነበር።» በሁለት እጃቸው ሆዳቸውን አቅፈው አሳዩኝ። «ከመጡ ጀምሮ ወጥተው ያውቃሉ?»

ሰባት ቀን አብረን ስንኖር አላውቅም።

ቤት ገብቼ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ። ለተማሪዎቼ ስለ ሰውነት ክፍሎች አስተምራለሁ፤ አንጀት በጠመኔ ሠሌዳ ላይ እሥላለሁ። አባቴን ግን እንዴት ብዬ እንደምጠይቃቸው ቃል አጣሁ። በኦሮምኛም በአማርኛም ፈለግኩ። ሴት ልጅ ለአባቷ የምታነሣው ጉዳይ አይደለም።

«አባ፣ ደጅ ወጥተው ያውቃሉ?» አልኳቸው በመጨረሻ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን ተዪው።»

«ሆድዎ ያምዎታል?»

«ረኮን ህን ጅሩ።»

እኔም አልገፋሁም። ልገፋ ይገባኝ ነበር።

እትዬ ተልባ ሰጡኝ። ተቆልቶ የተወቀጠ፣ ጥሩ ተልባ። እኔ ቶሎ እንዲሠራ ብዬ አወፈርኩት፤ አጥሚት የመሰለውን በግማሽ ብርጭቆ አጠጣኋቸው። ያን ቀን ማታና ማክሰኞ ጠዋት ደገምኩላቸው። ከላዩ ውሃ አልጠጡም፤ እኔም እንዲጠጡ አላልኩም፤ ተልባው ራሱ ውሃ ነው ብዬ። ማክሰኞ ከሰዓት ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። ቀበቶአቸውን ልቀቅ አድርገው ተኝተው ጣሪያውን ያያሉ።

ረቡዕ የዓይን ቀጠሮአቸው ነው። ጠዋት ልብሳቸውን ላለብሳቸው ስጠጋ ብርድ ልብሱን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«አልሄድም።»

«አባ፣ ዓይንዎን ሊያዩልን እኮ ነው፤ የግድ ነው።»

«አልሄድም አልኩሽ።»

በሕይወታቸው እንዲያ ጮኸው ተናግረውኝ አያውቁም። ደንግጬ ወደ ኋላ አልኩ። ከዚያ ሽታው ደረሰኝ። አንሶላው ላይ ቀጭን፣ ቡናማ ውሃ የመሰለ ነገር ፈሷል። አባቴ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ልቀይርልዎ» አልኳቸው።

«ውጪ።»

«አባ…»

«ውጪልኝ። ወንድ ልጄ ይምጣ።»

ወንድሜ ሸነን ነው ያለው። ንጹሕ ልብስና አንሶላ፣ ሙቅ ውሃ በሳፋ አልጋው አጠገብ አስቀምጬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ዓይናቸው ገና ያልዳነ፣ አያጎንብሱ የተባሉ ሰው ብቻቸውን ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ ሳፋው ሲንኳኳ፣ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ በበሩ በኩል እሰማ ነበር። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ልከፍተው አልቻልኩም፤ ትቼው ልሄድም አልቻልኩም።

ያየሁት ነገር ግን አንድ ሐሳብ ሰጠኝ፤ ድርቀቱ ተፈታ፣ አሁን ወደ ተቅማጥ ተለወጠ አልኩ። ተልባው አበዛባቸው ብዬ አቆምኩት። ወደ መድኃኒት ቤት ሄጄ «አባቴን ተቅማጥ ይዟቸዋል» አልኩ፤ ሰውዬው ስንት ጊዜ ወጡ ብሎ ጠየቀኝና የሚያቆም ኪኒን ሰጠኝ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። እኔ የነገርኩት ተቅማጥ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ስለነበሩት ስምንት ቀናት አልነገርኩትም። ሁለት ፍሬ በሩብ ብርጭቆ ሻይ አዋጥኳቸው። ማታ ነጭ ሩዝ ቀቅዬ ሰጠኋቸው፤ ሆድ ያጠብቃል ብዬ።

ሐሙስ ማለዳ ሻይ ላቀርብላቸው ስጠራቸው የመለሱልኝ በደከመ ድምፅ ነው። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። የሚሉት ነገር ተቆራርጦ ስለደረሰኝ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«ሽንት እምቢ አለኝ» አሉ። «ከትናንት ጀምሮ።»

ይህን ለእኔ ለመናገር ምን ያህል ሥቃይ እንደገፋቸው ያኔ ገባኝ። እየሮጥኩ እትዬን ጠራሁ፤ እትዬ ባጃጅ አስቆሙ። ከጎረቤቶቼ ከኮሌጅ ተማሪዎቹ አንዱና የባጃጁ ሾፌር ደግፈው አስገቧቸው። ድንጋያማው መንገድ ላይ ባጃጁ በነጠረ ቁጥር አባቴ ክንዴን ይጨምቁ ነበር፤ ጥፍራቸው የቀረበት ምልክት ለቀናት አልጠፋም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ የተቀበለችን ወጣት ነርስ ነበረች። አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዳቸውን ልትነካ ስትል እጇን ያዙት።

«ወንድ የለም?» አሉ።

«አለ አባባ፣ ግን ሌላ በሽተኛ ይዟል። እኔ ልይዎት።»

«እጠብቃለሁ።»

ነርሷ ወደኔ ዞረች፤ እኔ ምን ልበል? ለመንኳቸው። አልሰሙኝም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ አባቴ ጎናቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ግድግዳውን እያዩ ጠበቁ። ላባቸውን ልጠርግላቸው ስሞክር እንኳ ፊታቸውን ያሸሹ ነበር።

በመጨረሻ የመጣው የጤና መኮንን ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። በኦሮምኛ በአክብሮት ሰላም አላቸው፤ ስለ ሸነን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ጠየቃቸው። ከዚያ ወደኔ መጥቶ ቀስ ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስነገረኝ። መቼ እንደመጡ፣ ምን እንደበሉ፣ ምን ያህል እንደሚጠጡ፣ ያስታውካቸው እንደሆነ፣ ፈስ ይወጣቸው እንደሆነ። የተቅማጡን ነገር ስነግረው ጭንቅላቱን ወዘወዘ።

«ተቅማጥ አይመስለኝም» አለ። «ቆይ ልያቸው። አንቺ ውጪ ጠብቂ።»

ኮሪደሩ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀመጥኩ። በሩ ስስ ነው። መጀመሪያ የጤና መኮንኑን ድምፅ ሰማሁ፤ «በጎንዎ ይተኙ አባባ፣ ጉልበትዎን ወደ ደረትዎ፣ እንዲያ፣ አሁን ይተንፍሱ፣ አያምጡ፣ ዓይንዎ አለ።» ከዚያ የአባቴን ማቃሰት ሰማሁ። እናቴ በሞተችበት ቀን አላቃሰቱም። በሬ ወግቷቸው የጎን አጥንታቸው ሲሰበር አላቃሰቱም። አንዲት ሕፃን ያቀፈች ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ስትሰማ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። እኔ ወለሉን አያለሁ። ሥራ ሁሉ የሌላ ሰው ሆኖ፣ እኔ የምችለው መስማት ብቻ ሆነ።

ረጅም ሰዓት ወሰደ። የጤና መኮንኑ ወጥቶ እጁን ታጥቦ፣ ፎጣ እየፈለገ አጠገቤ ቆመ።

«ዓይነ ምድራቸው እንደ ድንጋይ ደርቆ መውጫው ላይ ተቀርቅሮ ነበር» አለኝ። «በጣት ነው የሰበርኩት፤ ከዚያ ውሃ በቱቦ አስገባሁ። አሁን ብዙው ወጥቷል። ሽንታቸውም መጣ። ያ የተቀረቀረው ፊኛቸውን ተጭኖት ነበር።»

«ታዲያ ተቅማጡ?»

«ከድንጋዩ በላይ ያለው ቀጭኑ ነው በጎኑ እየሾለከ የፈሰሰው። የወንዝ ውሃ በቋጥኝ ጎን እንደሚያልፈው በይው። መውጫው ብዙ ቀን ተለጥጦ ሲቆይ ስሜቱ ይደነዝዛል፤ እሳቸውም ሲመጣ አያውቁትም፣ መያዝም አይችሉም።»

ስለ ኪኒኑ ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እንደ አስተማሪ አስረዳኝ።

«ትልቁ አንጀት ሥራው ውሃ መምጠጥ ነው። የሚመጣለትን ያጠራቅማል፣ ውሃውን ወደ ሰውነት ይመልሳል። ቶሎ ካልወጣ መምጠጡን አያቆምም፤ በዋለ በሰነበተ ቁጥር እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ደግሞ ያለችውን ሁሉ ከዚያ ይሰበስባታል። እሳቸው መንገድ ላይ አልጠጡም፣ እዚህም አልጠጡም።»

«ጠዋት ጠዋት ይሄዱ ነበር በአገራቸው።»

«አዎ። ሰው ሲነሣና ሲበላ አንጀቱ ይነቃል፤ ከቁርስ በኋላ የሚመጣው ለዚያ ነው። ያቺን ሰዓት ካሳለፏት ስሜቱ ተመልሶ ይተኛል። አንድ ቀን ቢያልፍ ግድ የለም። እሳቸው ግን ስንት ቀን ወረፋ አይተው ተመለሱ? እግር ካልተንቀሳቀሰ አንጀትም ይሰንፋል። ማካሮኒና ነጭ ዳቦ ደግሞ ውሃ ይዞ የሚቆይ ገለባ የለውም።»

«ተልባ ሰጥቻቸው ነበር።»

«ተልባ ጥሩ ነው፤ ግን ውሃ ስቦ የሚያብጥ ነገር ነው። ብዙ ውሃ ካልተጠጣበት፣ በዚያ ላይ መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ሲሆን፣ መጨናነቅ ነው የሚጨምረው።»

በየቃሉ የኔን እጅ እያየሁ ነበር። እንዳይንቀሳቀሱ ያደረግኳቸው እኔ፣ ገለባውን ከሳህናቸው ያወጣሁት እኔ፣ የዘጋሁት እኔ። አንዱንም በክፋት አላደረግኩትም፤ ይህ ግን ምንም አላቀለለልኝም።

አባቴ ወዳሉበት ክፍል ስገባ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። ሆዳቸው ወደ ቦታው ተመልሷል። ነርሷ የኦ አር ኤስ ብርጭቆ አጠገባቸው አስቀምጣ ሄዳለች።

«አባ፣ ትንሽ ይጠጡ።»

ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ውሃ ተሸክመሽ ስትገቢ አይሻለሁ» አሉ። «ጀርባሽ ይጎብጣል። እኔ ጠጥቼ ልጨርስብሽ?»

ይህን በውስጣቸው ይዘው እንደኖሩ አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው ብርጭቆውን በግማሽ የሚተዉት። «ብዙ ውሃ አለ አባ» አልኳቸው። አላመኑኝም። አጠገቤ አንድም ጄሪካን ሳይኖር፣ ሌላ ሰው ባዘጋጀው ብርጭቆ እንኳ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ጎንጨት አድርገው መለሱልኝ።

ያንኑ ቀን የዓይን ክፍሉ ሳይዘጋ አደረስኳቸው። የዚያው ክፍል ነርስ አየችና ዓይናቸው ትንሽ ቀልቷል፣ ቁስሉ ግን አልተከፈተም አለች።

የሚያለሰልስ ሽሮፕ ታዘዘላቸው። እትዬ ለተከራዮቹ ሁሉ ተናግረው፣ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሽንት ቤቱ ለአባባ ነው አሉ፤ ለጉልበታቸው ደግሞ መሐሉ የተበሳ ወንበር አናጢ ጋ አሠርተው አስገቡላቸው። እኔ አተር ክክና ጎመን እሠራለሁ፣ በግቢው ውስጥ እጃቸውን ይዤ አዞራቸዋለሁ። ተማሪዎቹ ጠዋት አባቴ ሲወጡ ዞር ብለው ይቆማሉ፤ ለክብራቸው ብለው ነው። አባቴ ግን ዞር ማለታቸው ራሱ አሸማቀቃቸው። ግቢው በሙሉ ያውቃል። በአራተኛው ቀን፣ ነገሩ ሁሉ መስመር ይዞ ሳለ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀመጡ።

«ወደ ቤቴ ውሰጂኝ» አሉ።

«ሐኪሙ አንድ ሳምንት ይቆዩ ብሏል።»

«ዓይኔን አይቷል። ሌላውንም አይቷል። ከዚህ በላይ የሚያየው ምን ቀረው?»

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ብቻ አቆየኋቸው። ቅዳሜ አብሬአቸው ተሳፈርኩ። ሁለት ጠርሙስ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩት ውሃ ይዤ ነበር። ሲያስፈልግዎ ሾፌሩን አስቆማለሁ፣ እኔ እዞርልዎታለሁ፣ ማንም አያይም እያልኩ በጆሮአቸው ነገርኳቸው። ጠርሙሱን ተቀበሉኝ፤ ክዳኑን ከፍተው ከንፈራቸውን አስነኩና ዘግተው ጭናቸው ላይ አቆሙት። እንዲያ እንደያዙት ሸነን ደረስን። ጉሮሮአቸው ሲንቀሳቀስ አላየሁም። ከሌላው የበለጠ ስለማውቅ ብቻ ልጎነጭላቸው አልችልም ነበር።

ወንድሜ ከመናኸሪያው በበቅሎ ተቀበለን። በማግስቱ ማለዳ ስነቃ የአባቴ መደብ ባዶ ነው። ወደ ደጅ ወጥቼ አየሁ፤ በእንሰቱ መሐል ቁልቁል ሲሄዱ ጀርባቸው ይታየኛል፤ ዱላው ከፊት ከፊት ይቀድማል። ልከተላቸው ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ወንድሜ ከጋጣው በር ሆኖ፣ «ተዪያቸው፣ እኔ ከሩቅ አያቸዋለሁ» አለኝ። ተመልሼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሲመለሱ ፊታቸው ታጥቧል፤ አጠገቤ ሲያልፉ «አንቺ ገና እዚህ ቆመሻል?» ብለው ገቡ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

ሽሮፑን ለወንድሜ አስረከብኩት፤ የጤና መኮንኑ ያለኝን ሁሉ ደገምኩለት። እሱ የሚገርም ነገር እንደሰማ ሰው አዳመጠኝና፣ «አባ እኮ እዚህ አንድም ቀን እንዲህ ሆነው አያውቁም» አለ። አውቃለሁ አልኩት።

ለሁለተኛው ዓይን ሐኪሞቹ የመጡት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ሰባት ጊዜ ደወልኩ። ቤት ቀይሬ ነበር፤ ሽንት ቤቱ ለብቻዬ የሆነ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ቤት ተከራይቻለሁ፤ ይህንን በግልጽ ቃል ነገርኳቸው፤ አላፈርኩም። በራሴ መኪና አስመጣዎታለሁ፣ አቁሙ ባሉበት ቦታ ሁሉ እናቆማለን አልኳቸው፤ መኪናው የሰው ነው፣ ለምኜ ያገኘሁት። አባቴ በስልኩ ውስጥ ረጋ ብለው ሰሙኝ።

«አንቺ መልካም ልጅ ነሽ» አሉ። «የምሄድበትን መንገድ በአንዱ ዓይኔ አያለሁ። ይበቃኛል።»

«አባ፣ ያ ነገር አይደገምም።»

«የትኛው ነገር?» አሉኝ፤ እንደማያውቁ ሆነው።

ከወዲያ ከብት ሲጮህ ይሰማል። ቀጥለው ስለ ገብሱ ነገሩኝ፤ ዘንድሮ ዝናቡ እንዳበዛበት፣ የታችኛው ማሳ እንደተኛ፤ ወንድሜን ጠርተው ስልኩን ሰጡት።

ስማቸውን ከመዝገቡ ያሰረዝኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋ ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ክፍት ቦታው ላይ የምትጽፈው ነገር ፈልጋ ነው። «ራቅ ስለሚል ነው» አልኳት። እሷም እንዲያ ብላ ጻፈች።